ባንክና ሌጀር በየቀኑ ሳገናኝ የተማርኩት

ሀዋሳ የህንፃ መሳሪያ አከፋፋይ ጋ ነው ሂሳብ የምይዘው፣ ደንበኞቻችን ከዲላ ከይርጋለም በሞባይል ባንኪንግ ይልኩና ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ይወረውሩልናል፣ ካሸሯ እሱን እያየች ፒችትሪ ላይ ትመዘግባለች። ከኔ በፊት የሚገናኘው በቀንና በብር መጠን ነበር። አያስኬድም። አንድ ቀን ላይ ሶስት ሰው እኩል ብር ያስገባል፣ የአንዱ ለሌላው ይገናኝና ድምሩ ልክ ስለሆነ ማንም አያይም። ቀኑም ራሱ ጣጣ ነው፣ ባንኩ በፈረንጅ ካሸሯ በሀበሻ፣ ማታ የተላከው ደግሞ ጠዋት ይመዘገባል።

ስለዚህ ቀኑን ትቼ ሪፈረንሱን ያዝኩ። የኛ ባንክ ሪፈረንስ FT25310 ብሎ ከጀመረ 25 አመቱ ነው፣ 310 ከጃንዋሪ 1 የተቆጠረ ቀን፣ ማለትም ኖቬምበር 6 2025፣ በኛ ጥቅምት 27/2018። ደንበኛው "አሁን ላኩ" ብሎ የቆየ ስክሪንሾት ቢልክ እዚህ ላይ ይታወቃል። ኤክስፖርቱ ላይ ከኋላ ሌላ ፊደል ስለሚለጠፍበት የመጀመሪያዎቹን 12 ብቻ ወስጄ F ኮለም ላይ ከብሩ ጋ አጣብቃለሁ (ገቢ ፖዘቲቭ፣ ወጪ ኔጋቲቭ፣ ሁለቱም ሺት ላይ)፦

```
=LEFT(TRIM(B2),12)&"|"&TEXT(D2,"0.00")
=IF(COUNTIF(Bank!F:F,F2)=COUNTIF(Ledger!F:F,F2),"OK","CHECK")
```

ሁለተኛው መስመር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ስንቴ እንዳለ ያወዳድራል። አንድ ክፍያ ሌጀር ላይ ሁለቴ ከገባ VLOOKUP አግኝቻለሁ ብሎ ያልፈዋል፣ ይሄ ግን ይይዘዋል።

CHECK ያለው ሁሉ ስህተት አይደለም። ለምሳሌ ሌጀር ላይ 115,000 ባንክ ላይ 112,000፣ ሪፈረንሱ አንድ ነው። ልዩነቱ 3,000፣ ቫቱ ሲወጣ ዋጋው 100,000 ነው፣ 3 በመቶው መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ደንበኛው ዊዝሆልዲንግ ቆርጧል። ባንክ 112,000 ዊዝሆልዲንግ 3,000 ብዬ አስተካክላለሁ፣ ግን ደረሰኙን እስኪልክ ዝርዝሩ ላይ ይቆያል፣ ያለ ደረሰኝ ግብር ላይ አይቀነስልንማ።

በብዛት የሚያስቸግረው ሪፈረንሱን ከስክሪንሾት እያዩ በእጅ ሲፅፉ የሚፈጠር ስህተት ነው፣ O እና 0፣ I እና 1። ካሸሯን "እህቴ ስክሪንሾት አትቀበዪ፣ ቴክስቱን ኮፒ አድርገው ይላኩልሽ" አልኳት፣ በጣም ቀነሰ። የቀረውን በብር መጠን ፈልጌ ተመሳሳዩን አጠገቡ አስቀምጣለሁ እንጂ ራሱ እንዲያገናኝ አልፈቅድም፣ ሰው አይቶ ነው የሚዘጋው። ለአቅራቢ የሰጠነው ቼክ ገና ካልተመነዘረ ደግሞ የተሰጠበትን ቀን ፅፌ እተወዋለሁ።

አንድ ሰው የሁለት ኢንቮይስ ብር አንድ ላይ ሲልክና ሌጀር ላይ ተከፍሎ ሲገባ ይሄ ፎርሙላ ሶስቱንም CHECK ይላቸዋል። እነሱን በሪፈረንስ ሶርት አርጌ በ SUMIF ደምሬ አያለሁ፣ ድምሩ ከባንኩ ጋ እኩል ከሆነ እዘጋቸዋለሁ።