የደበዘዘ ቁጥር ያለበት የብሬክ ጥያቄ

ትናንት ማታ ሐረር ያለ የጥናት ጓደኛችን አንድ ጥያቄ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ላከልን። አንድ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሹፌሩ ብሬክ ይረግጥና ጎማዎቹ ይቆለፋሉ፤ እስኪቆም ስንት ሜትር ይንሸራተታል? ምርጫዎቹ 25፣ 50፣ 80 እና 324 ሜትር ናቸው። የመኪናው መጠነ ቁስ የተጻፈበት የገጹ ጠርዝ ፎቶው ውስጥ አልገባም፤ የፍሪክሽን ኮፊሸንቱ μም ሻይ ስለፈሰሰበት ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው አኃዝ 3 ይሁን 8 አይለይም።

ስለ መጠነ ቁሱ በከንቱ ተጨንቄ ነበር። የሚያስቆመው ኃይል μmg ስለሆነ m ከሁለቱም ወገን ይሰረዝና የሚቀረው d = v²/(2μg) ብቻ ነው። μ 0.8፣ g ደግሞ 10 ነው ብዬ ስሠራ 324 ሜትር አገኘሁ፤ ቁጥሩም ከምርጫዎቹ አንዱ ስለነበር ደስ ብሎኝ ልዘጋው ደረስኩ። ነገር ግን 324 ሜትር ማለት ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥሎ ማለት ነው፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ይህን ያህል የሚንሸራተት የቤት መኪና የለም። ወደ ኋላ ተመልሼ ሳየው 72ን ወደ ሜትር በሰከንድ ሳልቀይር እንዳለ አስገብቼዋለሁ። ጥያቄ አውጪው ይህን ስሕተት አስቀድሞ ስላሰበው ነው ምርጫ ውስጥ ያስቀመጠው፤ ስለዚህ መልስ ከምርጫዎቹ ጋር መግጠሙ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

በ20 ሜትር በሰከንድ ሲሠራ 25 ሜትር ይወጣል። ይህንንም ቀመሩን ሳልነካ በሌላ መንገድ ፈተንኩት፦ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ8 ሜትር በሰከንድ ስለሚቀንስ መኪናው በ2.5 ሰከንድ ይቆማል፤ አማካይ ፍጥነቱ 10 ስለሆነ የሄደው ርቀት 25 ሜትር ነው።

የደበዘዘው አኃዝ 3 ቢሆን ኖሮ መልሱ ወደ 67 ሜትር ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ምርጫ ውስጥ የለም። በዚህ ምክንያት 0.8ን መረጥኩ፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ለተቆለፈ ጎማም ቁጥሩ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ከፎቶው አንብቤው ሳይሆን ከምርጫዎቹ ገምቼው ስለሆነ ከመልሴ በላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «μ በግልጽ አይነበብም፤ 0.8 ነው ብዬ ወስጃለሁ፤ 0.3 ከሆነ መልሱ ወደ 67 ሜትር ይቀየራል። g = 10፤ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሹፌሩ ብሬክ እስኪረግጥ ያለፈው ጊዜ አልተቆጠረም።»

«መንገዱ ሜዳ ነው» የሚለውን መጀመሪያ ሳልጽፈው ቀርቼ ነበር። ከድሬዳዋ ሐረር የሚመላለስ ሰው የደንገጎን ቁልቁለት እያወቀ ይህን መርሳቱ ያሳፍራል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ገደማ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ያው መኪና ወደ 29 ሜትር ይንሸራተታል።