መስኮቱ ላይ የፈላው ምስጥ ነው ወይስ ጉንዳን?

ባህር ዳር ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ይጥሉና ማታ ማታ መብራት ስር ክንፍ ያላቸው ነፍሳት እንደ አሸን ይፈላሉ። እኔ አናጢ ነኝ፣ በዚያ ሰሞን ስልኬ አያርፍም፣ የሚደውለው ሰው ሁሉ ደግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ "ምስጥ ገባብን"። ግማሹ እውነቱን ነው፣ ግማሹ ግን ምስጥ አይደለም፣ ልዩነቱን ሳያዩ ገንዘብ ማውጣት ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል።

ባለፈው ክረምት ከጣና ዳር ብዙም የማይርቅ ገስት ሃውስ ያላቸው እትዬ ደወሉልኝ። አንድ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ላይ ጥቋቁር ክንፋም ነፍሳት ወጥተዋል፣ መድኃኒት የሚረጭ ሰው መጥቶ አይቶ ምስጥ ነው ብሏል፣ በማግስቱ የክፍሎቹን ወለል በግድግዳው ዙሪያ በድሪል እየበሳ ከስር ኬሚካል ሊሞላበት ቀጠሮ ይዟል። ሴራሚኩ ሁሉ ሊበሳ ነው እንግዲህ። "ልጄ፣ አንተ እንጨት ታውቃለህ፣ እሱ ወለሉን ሳይነካብኝ መጥተህ እየው" አሉኝ፣ ሄድኩ።

ነፍሳቶቹ ብዙዎቹ መስታወቱ ስር ሞተው ወድቀዋል። ነጭ ወረቀት ላይ ጠርጌ አስቀመጥኳቸውና በስልኬ ካሜራ አቅርቤ አየሁ። እትዬ አጠገቤ ቆመው "ምስጥ ነጭ አይደለም እንዴ? ይሄ ጥቁር ነው" አሉ። ነጩ እንጨት የሚበላው ሰራተኛው ነው፣ ለመራባት የሚወጣው ክንፋሙ ምስጥ ግን ቡናማ ወይ ጥቁር ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ቀለም ምንም አይለይላችሁም። ትልቅነቱም አይለይም፣ እኛ አገር ኩይሳ የሚሰሩት ምስጦች ክንፋሞቻቸው ከትልቅ ጉንዳን አያንሱም።

መጀመሪያ የማየው ወገቡን ነው። ምስጥ ወገብ የለውም፣ ከደረቱ እስከ ሆዱ አንድ ወጥ ውፍረት ነው። ወረቀቱ ላይ ያሉት ግን ደረትና ሆዳቸው መሃል ላይ በጣም ቀጥኗል፣ ይሄ የጉንዳን ወገብ ነው። ቀጥሎ አንቴናውን አየሁ፣ የምስጥ አንቴና ቀጥ ያለ ሆኖ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ጥቃቅን ኳሶች የተሰኩበት ይመስላል፣ የእነዚህ ግን ከጭንቅላታቸው አንድ ረዥም አጥንት የመሰለ ነገር ይወጣና መሃሉ ላይ ክርን ሰርቶ ይታጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የአንዳንድ ጉንዳን ወንዱ ክርኑ ብዙም አይታወቅም፣ ስለዚህ አንቴናውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ወገቡንና ክንፉንም ጨምሩ።

ክንፉ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል ምክንያቱም ሁለቱም አራት አራት ክንፍ ነው ያላቸው። የምስጥ አራቱም ክንፎች በርዝመትም በቅርጽም እኩል ናቸው፣ ከሰውነቱም በጣም ስለሚረዝሙ ሲያጣጥፋቸው ከጅራቱ አልፈው ይሄዳሉ። የጉንዳን የፊቶቹ ሁለቱ ረዥም የኋላዎቹ ሁለቱ አጭር ናቸው። ከመስኮቱ ስር ረግፈው ያገኘኋቸውን ጥቂት ክንፎች ወረቀቱ ላይ ደረደርኩና ለእትዬ አሳየኋቸው፣ ረዥምና አጭር ተቀላቅለው ነበር። ይሄን ያነሳሁት ነፍሳቱ ሳይኖር ክንፉ ብቻ የሚገኝበት ቤት ብዙ ስለሆነ ነው፣ ምስጥ መሬት ሲያርፍ ክንፉን ወዲያው ስለሚጥል ጠዋት ላይ ተጠርጎ የሚወጣው ክንፍ ብቻ ነው፣ ያኔ ሁሉም አንድ ልክ ከሆነ ምስጥ ነው፣ ሁለት ዓይነት ልክ ካለው ግን ጉንዳን ነው።

ታዲያ ጉንዳን ከሆነ ዝም ይባል? አይባልም። መስኮቱ ተዘግቶ እያለ ክፍሉ ውስጥ ከወጡ ጎጆው እዚያው ቅርብ አለ ማለት ነው። አናጢ ጉንዳን የሚባለው ዓይነት እንጨት አይበላም፣ ግን ለጎጆው ብሎ ይቦረቡረዋል፣ በተለይ ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰ እንጨት ይወዳል። ስለዚህ ወለሉን ትቼ ወደ ላይ ነው ያየሁት። ከመስኮቱ በላይ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ቢጫ የውሃ ምልክት አለ፣ ከስሩ መጋረጃው ጀርባ ደግሞ ትንሽ ክምር ዱቄት፣ ዱቄቱን በጣቴ ስበትነው ሸካራ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፣ መሃሉ ላይ የነፍሳት እግርና ቁርጥራጭ አለበት። ጉንዳን የቆፈረውን አውጥቶ ይጥለዋል፣ ምስጥ ግን ስለሚበላው እንዲህ ያለ ፍቅፋቂ አይተውም።

ኮርኒሱን ከፍተን ወራጁን በካቻቢቴ እጀታ ስመታው ከውስጥ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ጫፉ ጠቁሯል፣ ካቻቢቴውን ጫን ሳደርገው ያለ ጉልበት ገባ። ቆርጬ ስሰነጥቀው ውስጡ ዋሻ ዋሻ ነው፣ ግድግዳው በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ያህል ልሙጥና ንጹህ፣ አንዲት ቅንጣት ጭቃ የለበትም። ምስጥ ቢሆን ኖሮ መንገዱ በአፈርና በጭቃ ተለስኖ፣ እንጨቱም በቁመቱ ተበልቶ ጠንካራው መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር የማገኘው። ምክንያቱ ደግሞ ከበላዩ ያለው አሸንዳ ነው፣ መገጣጠሚያው ላይ ተከፍቶ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው ወራጁ ጫፍ ላይ ይፈስ ነበር። ወለሉን ሙሉ ቢበሱትና ኬሚካል ቢሞሉት አንዱም ጉንዳን አይነካም ነበር፣ ያሉት ላይ ነዋ።

ስራው ቀላል ነበር፤ አሸንዳውን ጠገንን፣ የበሰበሰውን ወራጅ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቆርጠን ከነጎጆው አወጣን፣ በደረቅ ጽድ ቀየርን፣ በቀሩት ቀዳዳዎች ውስጥ ብቻ መድኃኒት ተነፋ። ግቢው ውስጥ ያለ የበሰበሰ የዛፍ ጉቶም አስነቀልኩ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ቅርንጫፍ ጎጆ ነው፣ ዋናው ውጭ ሊሆን ይችላል።

ልሄድ ስል እትዬ ከጓሮ ያለውን የድሮ መጋዘን አሳዩኝ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። የባህር ዛፍ ቋሚዎቹ በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከሉ ናቸው፣ አንዱ ላይ እርሳስ የምታክል የጭቃ መስመር ከመሬት ተነስታ እስከ ማገሩ ወጥታለች። አምፖሉ ስር የወደቁት ክንፎች ሁሉ አንድ ልክ ነበሩ፣ ግን እነሱን ብቻ አይቼ አልፈረድኩም፣ ክንፋም ምስጥ ከውጭም መብራት አይቶ ይገባልና። የጭቃውን መስመር መሃሉ ላይ ሰበርኩት፣ ነጫጮቹ ወጡ። "ከጥቂት ቀን በኋላ እዩት፣ መልሶ ከተለሰነ እየሰሩ ነው" አልኳቸው፣ ተለስኖ አገኙት። ለዚህኛው እውነትም የአፈር መድኃኒት ያስፈልጋል፣ ግን ጉድጓድ ውሃቸው መጋዘኑ አጠገብ ነው፣ አፈሩም በክረምት ውሃ ጠግቦ ኬሚካሉን አይዝም፣ ታጥቦ የሚሄደውም ወደ ሐይቁ ነው። ስለዚህ ለጊዜው ቋሚዎቹን ከመሬት በላይ ቆርጠን በሲሚንቶ እግር ላይ አስቀመጥናቸው፣ መድኃኒቱ ዝናቡ አቁሞ አፈሩ ሲደርቅ፣ ከጉድጓዱ በራቀው በኩል ብቻ እንዲሆን ተስማማን።