የኮሚቴ መልእክትን ወደ አንድ መስመር ማውረድ፦ እስካሁን የገባኝ

የኮንዶሚኒየም ብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ የሚወጣውን ማስታወቂያ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ሰሞኑን የምለማመደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኮሚቴው የሚመጣልኝን ረጅም መልእክት፣ ማን ምን እስከ መቼ ማድረግ እንዳለበት በሚናገር አንድ መስመር መጻፍ። የእድር፣ የዕቁብ ወይም የወላጆች ግሩፕ ላይ የምትጽፉ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የማካፍላችሁ።

ምሳሌው የውሃ ፓምፓችን ነው። ሊቀመንበሩ «ይህን ለጥፈው» ብሎ የላከልኝ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም የተከበራችሁ የብሎካችን ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እግዚአብሔር ሰላማችሁን ያብዛው። እንደሚታወቀው ውሃ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚገፋው ፓምፕ በተደጋጋሚ እየተበላሸ ሁላችንም ስንቸገር ቆይተናል። ባለሙያ ጠርተን ስናሳየው ሞተሩ ተቃጥሏል፣ መጠቅለል አለበት ብሏል። ስለሆነም በስብሰባው በተወሰነው መሠረት በየቤቱ 600 ብር እንዲዋጣ፣ ያልከፈላችሁም በአስቸኳይ ገቢ ብታደርጉ፣ እንዲሁም ስለ ደረጃ ጽዳት የምንነጋገረው ስላለ እሑድ ብትገኙ መልካም ነው። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።»

ክፉ መልእክት አይደለም። ትሕትና አለው፣ ምክንያቱንም ያስረዳል። ግን አንብቦ የጨረሰ ሰው ብሩን የት እንደሚያስገባ አያውቅም፣ እስከ መቼ እንደሆነም አያውቅም። «በአስቸኳይ» ቀን አይደለም። ለአንዱ ዛሬ ማታ ነው፣ ለሌላው ደሞዝ ሲወጣ።

መጀመሪያ የማደርገው ግሦቹን መፈለግ ነው። እዚህ ውስጥ ሰው እንዲያደርግ የተጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ መክፈልና እሑድ መገኘት። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ አይገቡም። አብረው ሲወጡ ሰው የሚቀልለውን መርጦ ይመልሳል፣ «እሑድ እገኛለሁ» ይላል፣ ክፍያው ይረሳል። ስለዚህ የስብሰባው ነገር ለብቻው በሌላ ቀን ይወጣል።

ቀጥሎ የግሡን መልክ ማየት ነው። «እንዲዋጣ»፣ «ቢደረግ መልካም ነው»፣ «ይከፈል» ሲባል አድራጊው የለም። ሁሉም ሌላውን ያያል። «ክፈሉ» ሲባል ግን አንባቢው ራሱ ተጠራ። በዕድሜ የገፉ አንድ ጎረቤታችን «ክፈሉ» ብቻ ሲሉት ትእዛዝ ይመስላል አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። «እባካችሁ» ስትጨመር ጉዳዩ ያልቃል። ለዚህ ብሎ ሙሉ አንቀጽ መጻፍ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ያሰብኩበት ነገር አለ። «ክፈሉ» የሚለው ድርጊት ግሩፑ ላይ አይታይም። ሰው ይከፍላል፣ ዝም ይላል፣ ገንዘብ ያዥዋ ደግሞ በየስሙ ስትፈልግ ታመሻለች። የላኪው ስም የወንድም ወይም የዘመድ ሆኖ ከተገኘ ጭራሽ ማን እንደከፈለ አይታወቅም። ስለዚህ ግሡን «ደረሰኝ ላኩ» ወደሚለው ቀየርኩት። ሳይከፍሉ ደረሰኝ መላክ አይቻልም፣ ስለዚህ አንዱ ቃል ሁለቱንም ይይዛል፤ ማን እንደጨረሰም ሁሉም ያየዋል።

ቀኑ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እስከ ቅዳሜ» ቅዳሜን ይጨምራል? አንዱ አርብ ማታ አበቃ ይላል፣ ሌላው ቅዳሜ ማታ ይከፍላል። ለዚህ ቀኑንም ሰዓቱንም አብሬ እጽፋለሁ። ሰዓቱንም ዝም ብዬ አልመርጥም። ባለሙያው ሰኞ ጠዋት ቀብድ ይቀበላል፣ ገንዘብ ያዥዋ ቅዳሜ ከሰዓት ቆጥራ የጎደለባቸውን መደወል አለባት። ስለዚህ ልኩ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 6 ሰዓት ሆነ። እሑድ ማታ ብዬ ቢሆን ኖሮ ለመደወያ ጊዜ አይኖርም ነበር።

ውጭ አገር ያሉ የቤት ባለቤቶችም ግሩፑ ውስጥ አሉ። የእኛ ቅዳሜ 6 ሰዓት ዋሽንግተን ላለ ሰው በዚያ ወቅት ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር 5። ተኝቶ ያልፍበታል። ከዚያም በላይ «6 ሰዓት» ሲያይ በለመደው ሰዓት የማታውን ሊያስብ ይችላል፣ ጥቅምት 15ንም ኦክቶበር 15 አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ለእነሱ ዋናውን መስመር አላጨናንቅም። በግል «አርብ ኦክቶበር 24 ማታ ከመተኛታችሁ በፊት» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ።

አሁን መስመሩ፦ «እባካችሁ የፓምፕ መዋጮ 600 ብር የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ከቤት ቁጥራችሁ ጋር እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 6 ሰዓት እዚህ ላኩ።» ሁሉ ነገር አለው። ግን ስልኩን ሳይከፍት ማሳወቂያውን ብቻ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ቁራጭ ነው የሚያገኘው፣ በአማርኛ ደግሞ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። «ላኩ» የምትለዋ ሳትታይ ትቀራለች፣ ከነቀኑ። ስለዚህ ቀኑን ወደ ፊት አመጣሁት፣ በመሐል ያለውን ቀነስኩት፦

«እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 6 ሰዓት፦ እባካችሁ የፓምፕ 600 ብር ደረሰኝ እዚህ ላኩ።»

የሂሳብ ቁጥሩ፣ «የቤት ቁጥራችሁን ጻፉበት» የሚለው፣ የሞተሩ ነገርና ሰላምታው ከሥር ይከተላል። ሰላምታውን አላጠፋሁትም፣ ቦታውን ነው የቀየርኩት። ሰው የሚመልሰው መጀመሪያ ላነበበው ነገር ነው። መልእክቱ በምርቃት ሲጀምር የሚመጣው መልስ «አሜን፣ አሜን» ነው፣ ከዚያ ግሩፑ ጸጥ ይላል።

መስመሩ መሥራት አለመሥራቱን የምለየው በመጀመሪያዎቹ መልሶች ነው። «የት ነው የሚገባው?» የሚል ከመጣ የሂሳብ ቁጥሩ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። «እኔንም ይመለከታል? ተከራይ ነኝ» የሚል ከመጣ «ማን» የሚለው ጎድሏል፤ እኛ ጋ ይህ በየጊዜው ስለሚነሳ ከሥር «ተከራይ ከሆናችሁ ለባለቤቱ አስተላልፉ» የሚል ጨምሬበታለሁ። «እሺ» ብቻ ሲበዛ ደግሞ ግሡ ደካማ ነው ማለት ነው፣ ሰው የተስማማ እንጂ የሠራ አይደለም።

ቀኑ ከተቀየረ የድሮውን መልእክት ማረም አይበቃም። ቴሌግራም ላይ የታረመ መልእክት እንደ አዲስ አይጮህም፣ ያነበበው ሰው የድሮውን ቀን ይዞ ይቀራል። አዲስ እጽፋለሁ፣ ከላይ ተሰክቶ የነበረውን አነሳና አዲሱን እሰካለሁ።

የማይሠራበትም ቦታ አለ። ለቅሶ እንዲህ አይነገርም፣ ቀብሩ የት በስንት ሰዓት እንደሆነ ግልጽ ይሁን እንጂ ስለ ሟቹ ክብር የሚባለው ሊቆረጥ አይገባም። ኮሚቴው ራሱ ያልወሰነውን ነገርም ማሳጠር አይቻልም። ፓምፑ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ የሚለው ገና እያከራከረ ሳለ «መዋጮ ላኩ» የሚል አጭር መስመር ቢወጣ ጠብ ነው የሚያመጣው። ያን ጊዜ ያወጣሁት «እስከ ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት፦ እባካችሁ ‹ይጠገን› ወይም ‹ይገዛ› ብላችሁ ጻፉ» የሚለውን ነበር፣ ሁለቱን ዋጋ ከሥር አድርጌ።

አሁን የያዝኩት የእሑዱን ስብሰባ ነው። «ተገኙ» የሚለው ግሥ አልተመቸኝም፣ እሑድ እስኪደርስ ማን እንደሚመጣ አይታይምና። «የማትመጡ እስከ ቅዳሜ ማታ ወኪላችሁን ጻፉ» የሚለውን ልሞክር ነው። እናንተ ጋ የተሻለ ካለ ወዲህ በሉኝ።