ከበሮው የሚያጋልጠው መዘግየት

በድሬዳዋ የደብራችንን ዓመታዊ ንግሥ በሦስት ካሜራ በቀጥታ ስናስተላልፍ፣ ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ድምፅንና ምስልን ማገጣጠም ነው። በስብከት ጊዜ ጥቂት መዘግየት ቢኖር ተመልካች አያስተውለውም። ወረብ ሲጀመር ግን መደበቂያ የለም። እጁ ቆዳውን ሳይነካ ከበሮው ከተሰማ፣ ውጭ አገር ያለው የደብሩ ልጅ ወዲያው ስልክ ይደውላል።

የመዘግየቱ ምክንያት መንገዱ ነው። ምስሉ ከካሜራ የሦስቱን ምስል ወደሚያማርጠው ስዊቸር፣ ከስዊቸር በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ ሲያልፍ በየደረጃው ጥቂት ይቆያል። ድምፁ ግን ከሚክሰሩ በድምፅ ካርድ በኩል በቀጥታ ላፕቶፑ ውስጥ ስለሚገባ ይቀድማል። ተፈጥሮ ደግሞ ተቃራኒውን ነው ያስለመደችን፤ በሩቁ እንጨት የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ሲያርፍ እናያለን፣ ድምፁ ኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ዓይናችን የዘገየ ድምፅን ይታገሣል፣ የቀደመን ግን አይምርም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል የሚጀምረው ድምፁ በ45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ ነው።

ልዩነቱን በግምት ከማስተካከል መለካት ይቀላል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ወረብ በሚያጠኑበት ምሽት መሣሪያውን ሁሉ እንደ በዓሉ ቀን ዘረጋንና መሪጌታን አስፈቀድኩ። «ከበሮውን ብቻውን፣ ቀስ እያደረገ የሚመታልኝ ሰው ይስጡኝ» ስላቸው ሳቁ፤ «አንተ ልጅ፣ ዜማውን ትተህ ከበሮውን ልታጠና ነው?» አሉና አንዱን ዲያቆን አዘዙልኝ። በላፕቶፑ ላይ የቀረጽነውን ከፍቼ ምስሉን በፍሬም በፍሬም አራመድኩ። ድምፁ ከተሰማበት ፍሬም እስከ እጁ ቆዳውን ወደነካበት ድረስ 5 ፍሬም ነበር። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለምንቀርጽ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ አምስቱ 200 ይሆናሉ። ስርጭቱን በምንልክበት ፕሮግራም በኦቢኤስ ውስጥ Advanced Audio Properties የሚለውን ከፍቼ በድምፁ መግቢያ አንጻር Sync Offset ላይ 200 ጻፍኩና እንደገና ቀረጽን። እጅና ድምፅ ገጠሙ።

ሦስተኛው ካሜራ ግን አሁንም ዘገየ። እርሱ ምስሉን የሚልከው በገመድ አልባ ማስተላለፊያ ስለሆነ ከሁለቱ በ3 ፍሬም ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ለድምፁ የሚሰጠው ማካካሻ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ለአንዱ ካሜራ ሲስተካከል ለሌላው ይበላሻል። ውድ መሣሪያ ያለው እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ ያዘገያል፣ እኛ ግን የሥራ ክፍፍሉን ለወጥን። በገመድ የተያያዙት ሁለቱ ካህናቱንና ከበሮውን ያዙ፤ ገመድ አልባው ሕዝቡንና ቅጥር ግቢውን ከሩቅ ያሳይ ጀመር። እጅና ከንፈር በማይለይበት ርቀት ሦስት ፍሬም የሚያስተውል የለም።

ከሚክሰሩ የሚመጣው ድምፅ ንጹሕ ቢሆንም የማይክ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከበሮውና እልልታው በሩቁ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ማይክ ያስፈልጋል፤ ቦታውም ወሳኝ ነው። ድምፅ በአየር ላይ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ማይኩ 20 ሜትር ርቆ ከቆመ ወደ 60 ይጠጋል፣ ከበሮውም ሁለቴ የተመታ ይመስላል። እኛ ከመዘምራኑ 2 ሜትር ያህል አርቀን፣ ከግቢው ድምፅ ማጉያዎች ጀርባውን አዙረን አቆምነው። ለስርጭቱ የሚሆነውን ድምፅ ሁሉ ከሚክሰሩ በተለየ መውጫ እንወስዳለን፤ የድምፅ ባለሙያው ለግቢው ሲጨምርና ሲቀንስ የእኛ እንዳይናወጥ።

በጎ ፈቃደኞቹን በተመለከተ የያዝኩት ደንብ አንድ ነው፤ ካሜራ የያዘ ሰው አንድ ምስል ከመረጠ በኋላ ለ10 ሰከንድ አይንቀሳቀስም። ሕዝቡ ሲበዛ የስልክ ጥሪ ስለሚቆራረጥ በየጊዜው ትእዛዝ ማስተላለፍ አይቻልም፤ ስዊቸሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ግን አሥሩ ሰከንድ ውስጥ ምስሉ እንደማያመልጥ አውቃለሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ማንም ካሜራ አያዞርም፤ ይህን ለመዘምራን ልጆች መንገር አላስፈለገኝም።

ኢንተርኔቱን ባዶ ግቢ ውስጥ መሞከር አይጠቅምም። ታቦቱ ሲወጣ ሁሉም ስልኩን ያነሣል፤ ያን ጊዜ የመላኪያው ፍጥነት ያሽቆለቁላል፣ በኦቢኤስ ግርጌ Dropped Frames የሚለው ቁጥርም መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ ከማለዳው ጀምሮ በ720 ፒክስል ከፍታ፣ በሰከንድ 2500 ኪሎ ቢት ብቻ እንልካለን፤ ላፕቶፑ ላይ ግን የጠራውን ቅጂ ጎን ለጎን እንቀርጻለን። ከመሪጌታ ጀምሮ ብዙዎቹ ከበዓሉ በኋላ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ቅጂ ነው።