5፣ 8 እና 30 ዲግሪ

ሀዋሳ ውስጥ ታቦር ተራራ አካባቢ እኖራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ስድስት ሰባት ልጆች ናቸው፤ አንድ ሰሌዳ አለን፣ ካልኩሌተር ሁለት ብቻ፣ እሱም በወረፋ።

የሳይን ሕግና የኮሳይን ሕግ ላይ ስንደርስ እኔ በተማርኩበት መንገድ ጀመርኩ። ሁለት ጎንና መካከላቸው ያለው አንግል ከተሰጠ ኮሳይን፣ ሦስቱም ጎን ከተሰጠ ኮሳይን፣ ሁለት አንግልና አንድ ጎን ከተሰጠ ሳይን እያልኩ ሰንጠረዥ ሠራሁላቸው። ገለበጡት፣ ሸመደዱት፣ ስጠይቃቸው እንደ ወፍ አነበነቡልኝ። ገብቷቸዋል ብዬ አንድ ጥያቄ ሰጠሁ፦ የአንድ ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች 5 እና 8 ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው አንግል 30 ዲግሪ ነው፤ የቀረውን ጎንና ሁለቱን አንግሎች ፈልጉ። ሥዕል አልሳልኩም።

አብዛኞቹ የጻፉት ይኼን ነው፦

`5/sin 30° = 8/sin B`

ከዚህ sin B 0.8 ይወጣል፣ አንግሉም 53.1 ዲግሪ። ቁጥሩ ሲያዩት ምንም አይልም፣ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። አንዱን ለምን በሳይን ሠራኸው ስለው፣ «ቲቸር፣ ጎንም አንግልም አለ እኮ» አለኝ። ሰንጠረዡን አልረሳውም። 30 ዲግሪው የት እንደተቀመጠ ግን አላየም፤ መካከል ያለውን አንግል ወስዶ ከ5 ጋር አጣመደው።

ሰንጠረዡን ያን ቀን አጠፋሁት። በምትኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝን፦ ማዶው ይታወቃል ወይ? መጀመሪያ ሥዕል ይሳላል፣ ያለ ሥዕል ምንም ቀመር አይጻፍም። ከዚያ ጣትህን የምታውቀው አንግል ላይ ታደርግና ሦስት ማዕዘኑን አቋርጠህ ማዶ ያለውን ጎን ትነካለህ። ያ ጎን ቁጥር ካለው አንግሉ ጥንድ አለው፣ ሳይን ይሠራል። ከሌለው ኮሳይን። ሁለት አንግል ተሰጥቶ ጥንድ የሌለ ሲመስል ደግሞ ሦስተኛውን ከ180 ቀንሶ ማውጣት ነው፤ ያኔ ጥንዱ ራሱ ብቅ ይላል።

ምክንያቱንም አሳየኋቸው፣ ምክንያቱ ካልታየ ማዶውም ሌላ ሽምደዳ ነው የሚሆነው። ለዚያው ጥያቄ የሳይን ሕግን ሙሉውን ጻፍነው፦

`5/sin A = 8/sin B = c/sin 30°`

እያንዳንዱን ክፍልፋይ እዩት። አንደኛው ላይ አንግሉ የለም፣ ሁለተኛውም ላይ አንግሉ የለም፣ ሦስተኛው ላይ ጎኑ የለም። አንድ እንኳን ሙሉ የሆነ ክፍልፋይ ስለሌለ የትኛውንም ከየትኛው ብታስተካክል ሁለት የማይታወቅ ነገር ይዘህ ትቀራለህ። ሳይን የሚጀምረው ከአንድ ሙሉ ክፍልፋይ ነው።

ስለዚህ ኮሳይን፦

`c² = 25 + 64 − 80·cos 30° = 19.72`

c ወደ 4.44 ይሆናል። (እግረ መንገዴን፦ ካልኩሌተሩ ለ sin 30 0.5 ሳይሆን −0.988 ከሰጣችሁ ራዲያን ላይ ነው ያለው። አንዱ ካልኩሌተራችን ሁልጊዜ ማን እንደሚቀይረው እስካሁን አልተያዘም።)

እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ነበር። አላበቃም። አሁን c ስለታወቀ 30 ዲግሪው ማዶ አለው፣ ስለዚህ የቀሩትን አንግሎች በሳይን ጨርሱ አልኳቸው። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት የተለያየ መልስ አመጡ። አንዷ ከ5 ማዶ ያለውን አንግል መጀመሪያ ሠራች፣ 34.3 አገኘች፣ የቀረውን ከ180 ቀንሳ 115.7 አለች። ሌላው ከ8 ማዶ ካለው ጀመረ፣ 64.3 አገኘ፣ የቀረው 85.7 ሆነለት። የሁለቱም ድምር 180 ነው። ሁለቱም ልክ ነኝ ብለው ተከራከሩ፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ለአፍታ ሰሌዳው ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

ስህተቱን የሚያሳየው ድምሩ አይደለም፣ ሥዕሉ ነው። ልጁ ያገኘው ትልቁ አንግል 85.7 ከ5 ማዶ ተቀምጧል፣ ትልቁ ጎን ግን 8 ነው። ትልቅ ጎን ሁልጊዜ ከትልቁ አንግል ማዶ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ይኼ ሊሆን አይችልም። ከ8 ማዶ ያለው እውነተኛው አንግል 115.7 ነው፣ ከ90 በላይ። የ64.3 ሳይንና የ115.7 ሳይን ግን አንድ ነው፣ ሁለቱም 0.90 ገደማ። ካልኩሌተሩ ከሳይን ወደ አንግል ሲመለስ የሚሰጠው ከ90 የማይበልጠውን ብቻ ነው፣ ሌላውን ዝም ይላል። ኮሳይን እንዲህ አያደርግም፤ ከ90 በላይ ሲሆን አሉታዊ ስለሚሆን ራሱን ያጋልጣል። ያንኑ አንግል በኮሳይን ስንሠራው −0.434 ወጣ፣ ካልኩሌተሩም 115.7 አለ።

ከዚያ ወዲህ የማስተምረው እንዲህ ነው። በኮሳይን ሦስተኛውን ጎን ካወጣችሁ በኋላ ወደ ሳይን ስትሻገሩ ከተሰጡት ሁለት ጎኖች ከትንሹ ማዶ ያለውን አንግል ቅድሚያ ስጡት። ትንሹ ጎን ማዶ ከ90 በላይ የሆነ አንግል ሊኖር አይችልም፣ ስለዚህ ካልኩሌተሩ አያሳስታችሁም። ሦስቱም ጎን ሲሰጥ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ በኮሳይን ትልቁን አንግል መጀመሪያ ጨርሱት፣ የቀሩት ሁለቱ የግድ ከ90 በታች ናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁጥሮቹን ሳልቀይር 30 ዲግሪውን ብቻ አንቀሳቀስኩት። አሁን ከ5 ማዶ ነው። ማዶው አለ፣ ሳይን ነው፣ እና ያ የመጀመሪያ ቀን ስህተት የነበረው 0.8 አሁን ልክ ሆነ። 53.1 ብለው ጮኹ። 126.9ስ? አልኳቸው፤ ከ30 ጋር ሲደመር 156.9 ነው፣ ከ180 አላለፈም፣ ስለዚህ እሱም ይቻላል። አላመኑኝም። የትልቅ ጎን ማዶ ትልቅ አንግል የሚለውን ራሱን መልሰው ጠቀሱልኝ፣ ግን እዚህ አይረዳም፤ በሁለቱም መልስ ከ8 ማዶ ያለው አንግል ከ30 ይበልጣል።

ስለዚህ ሲባጎ አመጣሁ። በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ አንድ ረጅም መስመር አሰመርን፣ ከጫፉ በ30 ዲግሪ ሌላ መስመር፣ 80 ሴንቲ ሜትር። በዚያ መስመር ጫፍ ላይ አንዱ ልጅ የ50 ሴንቲ ሜትር ሲባጎ በጣቱ ያዘ፣ ሌላው ሲባጎውን ወጥሮ አዞረው። ረጅሙን መስመር ሁለት ቦታ ላይ ነካው። ዝም አሉ።

ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ግን ደብተሯ ላይ ሌላ ነገር ስትሠራ ነበር። ማዶው ቢኖርም ኮሳይን አይከለከልም ብላ ያልታወቀውን ጎን c አድርጋ ጽፋለች፦

`25 = 64 + c² − 16c·cos 30°`

ወደ `c² − 13.86c + 39 = 0` አመጣችው፣ ፈታችው፣ ሁለት አወንታዊ መልስ አገኘች፦ 9.93 እና 3.93። «ቲቸር፣ አንዱን ልሰርዝ?» አለችኝ። ሜትሩን ሰጠኋትና መሬቱን ለኪ አልኳት። ከማዕዘኑ እስከ ቅርቡ ምልክት 39 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ እስከ ሩቁ 99 ከምናምን። ላጲሷን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።