ከሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ

ትናንት የሁለት ሰዓት የአፈር ሴሚናር ቪዲዮ ወደ አሥር ደቂቃ ሳሳጥር አመሸሁ። መጀመሪያ ምንም አልቆረጥኩም። በ1.5 ፍጥነት እያየሁ፣ ጥሩ ነገር ሲነገር ደቂቃውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

23ኛው ደቂቃ ላይ መምህሩ «ማዳበሪያ በደንብ ጨምሩ» አሉ። አጭር፣ ጥርት ያለ። መክፈቻዬ ይሄ ነው ብዬ አስቀመጥኩት።

ልልከው ስል የጥያቄውን ክፍል ደግሜ ሰማሁት። አንድ አባት «ጨምሬ ነበር፤ ምርቱ ግን ያው ነው» ይላሉ። መምህሩ፦ «አፈሩ አሲዳማ ከሆነማ መጀመሪያ ኖራ ነው። አለዚያ የማዳበሪያውን ፎስፈረስ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል።»

ያለዚህች 18 ሰከንድ መክፈቻዬ ገበሬ ያከስር ነበር! ሴሚናር ላይ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ ከሻይ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቆራጩ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ደክሞታል።

ሁለቱን አገጣጠምኳቸው። ድምፁ ግን መገጣጠሚያው ላይ ዘለለ። ለካ መጀመሪያ ላይ ማራገቢያው ይጮሃል፣ በኋላ ጠፍቷል። ማንም ከማይናገርበት ቦታ የማራገቢያውን ድምፅ ቆርጬ ከሁለተኛው ሥር አነጠፍኩት፤ ቀስ እያለ እንዲጠፋም አደረግኩ። አሁን አይታወቅም።

ቦታ ስለጠበበ የክብር እንግዳው ንግግር ወጣ። ዛሬ ጠዋት ተደወለልኝ፦ «የእኛ ሰውዬ የት ገቡ?»