ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ቃል እንዴት ይወጣል?

ስለ እናቴ አራት ስንኝ ጽፌ ነበር። እናቴ በቡና ወቅት ማና ወረዳ ትሄዳለች። ከጅማ ብዙም አይርቅም። እዚያ በሰው ማሳ እሸት ቡና ትለቅማለች፤ የሚከፈላትም በኪሎ ነው። ቀኑ ሲያልቅ ቡናዋ ይመዘናል፣ ኪሎው ደብተር ላይ ይጻፋል፣ እሷም ወገቧን ይዛ ወደ ቤት ትመለሳለች። ግጥሙ ሊናገር የፈለገው ይህንኑ ነው። ቡናው ይመዘናል፤ ድካሟ ግን አይመዘንም።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

እናቴ ከማሳ ለቀማ ላይ ውላ
ትመጣለች ማታ በጣም ደክሟት ኋላ
ቡናውን መዘኑት በኪሎ በሚዛን
ድካሟን ማን አየው በዚያ ክፉ ዘመን

ሲያነቡት አይጎረብጥም። ቤቱ ይመታል፤ «ላ» በ«ላ»፣ «ን» በ«ን»። ልኩም ሙሉ ነው። የወል ቤት ስለሆነ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፣ እያንዳንዱ ሐረግ ደግሞ ስድስት ቀለም። የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በፊደል አይደለም። «እ-ና-ቴ ከ-ማ-ሳ» ስድስት ነው። «ደክሟት» አራት ፊደል ቢሆንም በጆሮ ሁለት ነው፤ «ደክ-ሟት»።

ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር አሉ። ግጥም ስጽፍ መጀመሪያ የማነብላቸው እሳቸው ናቸው። ከቤታቸው በረንዳ ተቀምጠን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ይሄ ክፉ ዘመን ያልከው መቼ ነው?»

«ያለፈው ሳምንት ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያለፈው ሳምንት መቼ ዘመን ሆነ?»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ። «በዚያ ክፉ ዘመን» የገባው «ሚዛን» የሚለው ቃል «ን» ስለፈለገ ነው። ለቤት የገባ ቃል ቦታ ከመያዝ አልፎ ያልሆነ ነገር ያወራል። አንባቢው ስለ ድሮ ጊዜ፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ረሃብ የሚያወራ ግጥም ይመስለዋል። እናቴ ግን ያለፈው ሳምንት ነው የለቀመችው።

አማርኛ ለዚህ ችግር በጣም የተመቸ ቋንቋ ነው። ዓረፍተ ነገራችን በግስ ያልቃል። ቤት የሚመታው ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ከነድምፁ ሲገጥም ነው። ግሶቻችን በአንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚያልቁ ቤት መምታት ይቀላል፤ «ሄደች» ከ«ቀረች»፣ «ውላ» ከ«አዝላ» ጋር ያለ ብዙ ድካም ይገጥማሉ። ግሱ ቀድሞ ከገባና ከኋላው ክፍት ቦታ ከቀረ ግን እጃችን ወደ ቅርብ ቃል ይሄዳል። ኋላ፣ ሁሌ፣ ዛሬ፣ በጣም፣ በእውነት፣ ሆኖ። እነዚህ የትም ስንኝ ላይ ቢቀመጡ ስለማይከለከሉ ነው አደገኛ የሆኑት።

እንግዲህ የሠራሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግጥሙን ዘጋሁትና ሐሳቡን በተራ አነጋገር፣ ለሰው እንደማወራ አድርጌ ጻፍኩት። «እናቴ ቀኑን ሙሉ ለቀማ ላይ ውላ፣ የለቀመችውን ተሸክማ ሚዛን ዘንድ ትመጣለች። ኪሎውን ይጽፉላታል። ድካሟን ግን ማንም አይጽፍላትም።» ከዚያ ረቂቁን አጠገቡ አድርጌ በተራው አነጋገር ውስጥ ያልገቡትን ቃላት አሰመርኩባቸው። «ኋላ» የለም። «በጣም» የለም። «በዚያ ክፉ ዘመን» የለም። «በኪሎ በሚዛን» ከሚለው ደግሞ አንዱ ትርፍ ነው፤ «መዘኑት» ካልኩ ሚዛን መኖሩ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ተራው አነጋገር ውስጥ ኖሮ ረቂቁ ላይ የጠፋ ነገር አገኘሁ። እሱም መጻፉ ነው። ደብተሩ ጭራሽ አልገባም። ቦታውን ትርፍ ቃል ስለያዘው ዋናው ነገር ውጭ ቀርቷል።

ይህ መፈተሻ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ግጥሙን እያየሁ «ይህ ቃል ትርፍ ነው ወይ?» ብል ኖሮ ለሁሉም መልስ አላጣም ነበር። «ኋላ ማለት እኮ ቆይታ መምጣቷን ያሳያል» እል ነበር። ተራው አነጋገር ግን እንዲህ ያለ ሰበብ አይቀበልም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ይከብዳል። ቃሉን ዝም ብሎ ማውጣት አይቻልም፤ «ኋላ»ን ሳወጣ ሐረጉ አራት ቀለም ይቀረዋል፣ ቤቱም ይፈርሳል። ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው አንዱን ትርፍ በሌላ ትርፍ መተካት ነው። እኔም «ሆኖ»ን ሞክሬው ነበር፦

ቡናዋ ሚዛን ላይ በኪሎ ተመዝኖ
ድካሟ ግን ቀረ ያልተቆጠረ ሆኖ

ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ውሸት የለበትም። ግን «ያልተቆጠረ ሆኖ» ብሎ የሚያወራ ሰው የለም። «ሳይቆጠር ቀረ» ነው የሚባለው። «ሆኖ» የመጣው ለ«ተመዝኖ» ብቻ ነው። የመጨረሻው ሐረግ ልክም በአንድ ቀለም አልፏል። ቃል ከመቀየር ይልቅ ቤቱን ራሱን መቀየር እንዳለብኝ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

ትርፉ ቃል የሚታየው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ስንኝ መጨረሻ ነው። ጥፋቱ ያለው ግን በአንደኛው ስንኝ ነው። አንደኛው ቤቱን በማይረባ ቃል ስለዘጋ ሁለተኛው የሚመልሰው ያጣል። ስለዚህ አካሄዱን ገለበጥኩት። «ከዚህ ሐሳብ ጨርሶ ሊቀር የማይችለው ቃል የቱ ነው?» አልኩ። ኪሎ ነው። የሚጻፈው እሱ ነው፣ የምትከፈለውም በእሱ ነው። እንግዲያው ቤቱን የሚዘጋው «ኪሎ» ይሁን። «ቡናዋን ጻፉላት፣ ይህን ያህል ኪሎ።» ቁጥሩ ሙሉ ነው፣ ትርፍም የለበትም። የሚዛን ቤት ሰዎችም የሚሉት እንደዚሁ ነው።

አሁን የቀረው «ሎ» የሚመታ ቃል ነው። በ«ሎ» የሚያልቁትን ደረደርኳቸው፤ ችሎ፣ ብሎ፣ ጥሎ፣ ውሎ፣ ቆስሎ፣ አዝሎ። እያንዳንዱን ስለ ድካም የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከተትኩት። «ችሎ» ገባ፤ «ድካሟን ግን ሚዛን መች ይለካል ችሎ»። ያምራል፣ ግን «መች ይለካል» ብቻውን ይበቃል፤ «ችሎ» ተንጠልጣይ ነው። «ውሎ» ጋ ስደርስ ነገሩ ተገጣጠመ። ድካሙ የት ነው የዋለው? ጀርባዋ ላይ። ይህ ተራው አነጋገር ውስጥ እንኳ ያልነበረ፣ ግን እውነት የሆነ ነገር ነው። ቤቱ ሐሳብ ሲያመጣ እንዲህ ነው የሚያመጣው።

ሁለተኛው ስንኝም በዚያው መንገድ ተስተካከለ። «ውላ» የሚለው ለአንደኛው ስንኝ የግድ ያስፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው። ስለዚህ የሚመልስለትን ሥራ ያለው ግስ ፈለግኩ፣ «አዝላ» መጣ። መጀመሪያ «ቡና በጀርባ አዝላ» ብዬ ነበር። ግን ማዘል በጀርባ ካልሆነ በምን ይሆናል? «በጀርባ» ቤቱ ላይ ባይቀመጥም ልክ ለመሙላት የገባ ነው። «ጆንያዋን አዝላ» አልኩት። ስድስት ቀለም ነው፣ ዕቃውም በዓይን ይታያል።

እናቴ ከማሳ ለቀማ ላይ ውላ
ሚዛኑ ዘንድ መጣች ጆንያዋን አዝላ
ቡናዋን ጻፉላት ይህን ያህል ኪሎ
ድካሟ ግን ቀረ ጀርባዋ ላይ ውሎ

ከዚህ በኋላ ትርጉም የጠፋ እንደሆነ መፈተሽ ያስፈልጋል። ከረቂቁ የወጡትን አንድ በአንድ አየኋቸው። «ማታ» ወጥቷል፤ ግን «ውላ» ስላለ ጊዜው አይጠፋም። «በጣም ደክሟት» ወጥቷል፤ ድካሙ አራተኛው ስንኝ ላይ በራሱ ቆሟል፣ እንዲያውም ሁለት ጊዜ መባሉ ቀርቶለታል። «ማን አየው» የሚለው ጥያቄ ወጥቷል። እሱ ትንሽ ያሳስበኝ ነበር፤ ቁጭቱ እዚያ ውስጥ ነበርና። ለእህቴ ምንም ሳልነግራት አስነበብኳትና «ምን ይላል?» አልኳት። «ደብተሩ ላይ ድካሟን አልጻፉላትም» አለችኝ። ቁጭቱ ሳይጠየቅ ተላልፏል።

በነገራችን ላይ፣ ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብልህ መስማት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሰው ትርጉም የሌለው ቃል ላይ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይወርዳል። እህቴ የድሮውን ረቂቅ ስታነብ «ኋላ»ን ዋጥ አድርጋው ነው ያለፈችው። አዲሱን ስታነብ «ውሎ» ላይ ቆመች።

ግን መቁረጥ የለመደ እጅ የማይቆረጠውንም ይቆርጣል። አንድ ጓደኛዬ «ቀረ»ን አውጥተህ «ድካሟ ግን አለ» በለው፣ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል አለኝ። አልተቀበልኩትም። «ቀረ» ሳይጻፍ መቅረቱንም፣ ከእሷ ጋር መቅረቱንም ይናገራል። ኅብር ያለው ቃል ላይ ተራውን አነጋገር ብቻ ይዘህ ብትፈርድ ወርቁን ትጥልና ሰሙን ታስቀራለህ። ስለዚህ ቃሉን ከማውጣቴ በፊት ሁለተኛ ፍቺ አለው ወይ ብዬ አያለሁ።

የሕዝብ ዘፈንም ሌላ ነገር ነው። እዚያ የመጀመሪያው ስንኝ ከሁለተኛው ጋር በሐሳብ ባይገናኝም ሰሚው ያውቀዋል፣ ይጠብቀዋልም። «ሆዴ» እና «ዓለሜ» የሚሉትም እዚያ ዜማውንና የሚጠራውን ሰው ይሸከማሉ። እነሱን በዚህ መንገድ መመርመር አይገባም። እኔ የምለው ለንባብ ስለሚጻፍ ግጥም ነው።

አንዳንዴ ደግሞ የሚያዋጣው ደከም ያለ ቤት መቀበል ነው። «ሚዛን» ከ«ዘመን» ጋር ፊደሉ ቢገጥምም በጆሮ ጠንካራ አይደለም፤ «ዛን» እና «መን» ይራራቃሉ። ከ«ኪሎ» እና «ውሎ» ጋር አይወዳደርም። ሆኖም የሚያስፈልግህ ትክክለኛ ቃል ደካማ ቤት ቢመታ፣ ጠንካራ ቤት ከሚመታ ባዶ ቃል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጋሼ በዚህ አይስማሙም፤ ቤት ከደከመ ስንኙን አፍርሰህ ጀምር ነው የሚሉት።

አዲሱን ሳነብላቸው ግን ሌላ ቃል ነው የያዙብኝ። «ለቀማ ካልክ ማሳ ምን ይሠራል? ቡና ገበያ ላይ ይለቀማል እንዴ?» አሉ። «ከማሳ» ቤት ላይ ስላልነበረ ያኔ ተራውን አነጋገር ሳስተያይ አልፌው ነበር። እሱም ልክ መሙያ ነው። ሦስት ቀለም ይይዛል፤ ባወጣው ስንኙ ይጎድላል። ሦስት ቀለም ያለው፣ ተራው አነጋገር ውስጥ ቢገባ የሚጠቅም ቃል ፈለግኩ። ራሱ የወረዳው ስም ሆኖ ተገኘ። አሁን የመጀመሪያው ስንኝ «እናቴ በማና ለቀማ ላይ ውላ» ይላል።